የቴለሯ መሳቢያ እና የጠፋው 10,000 ብር

በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲለወጡ ሕዝቡ ያየው አዲስ ቀለምና አዲስ ሥዕል ነበር። በባንክ መስኮት ጀርባ ለተቀመጡት ሠራተኞች ግን ትልቁ ለውጥ ሌላ ነው፤ ከዚያ በፊት ያልነበረው ባለ 200 ብር ወደ መሳቢያቸው ገባ። ባንክ ውስጥ ብር የሚታሰረው መቶ መቶ ኖት እየተደረገ ነው። ስለዚህ አንድ እስር ባለ 100 ብር 10,000 ብር ሲሆን፣ አንድ እስር ባለ 200 ብር 20,000 ብር ነው። ሁለቱ እስሮች በውፍረት አይለያዩም። ሠራተኛዋ ባለ 100 መስጠት ሲገባት እጇ ባለ 200ውን ቢያነሳ፣ ቀለሙን ሳታስተውል ያለፈችባት ያቺ አንዲት ቅጽበት 10,000 ብር ታስከፍላታለች።

አዲስ የተቀጠረ ቴለር ሥራ ሲጀምር ከምንም በላይ የሚፈራው ይህንን ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ብር ሲቆጥር ውሎ ማታ ሒሳቡን ሲዘጋ ቢጎድልስ? ፍርሃቱ ተገቢ ነው። ጉድለቱ ካልተገኘ የሚተካው ከራሱ ኪስ ሊሆን ይችላል። ባንኮች ጥሬ ገንዘብ ለሚይዙ ሠራተኞቻቸው ለጉድለት መጠባበቂያ የሚሆን አበል የሚከፍሉትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ይሁንና አበሉ ለጥቂት ብር እንጂ ለአንድ እስር አይበቃም።

በሥልጠና ላይ ለአዲስ ሠራተኞች የሚሰጠው የጥሬ ገንዘብ አሠራር መመሪያ ብዙውን ጊዜ ወፍራም ነው፤ በውስጡ ያሉት ትእዛዞችም ላይ ላዩን ሲነበቡ የተበታተኑ ይመስላሉ። አንዱ ስለ ካዝና ቁልፍ፣ ሌላው ስለ ማሰሪያ ወረቀት፣ ሌላው በቅጹ ጀርባ ስለሚጻፍ ቁጥር ይናገራል። ሁሉንም የሚያገናኛቸው አንድ ሐሳብ ነው። በቅርንጫፍ ውስጥ ብር በቀን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ብዙ ጊዜ ይተላለፋል። መመሪያው የተጻፈው ሰው እንዳይሳሳት ብቻ አይደለም፤ ስህተት ሲፈጠር በየትኛው እጅ ላይ፣ በየትኛው ሰዓት እንደተፈጠረ በዚያው ቀን እንዲታወቅ ነው። ይህን የያዘ ሠራተኛ የቀረውን በቀላሉ ይረዳዋል።

ከካዝና እስከ መሳቢያ

ቀኑ የሚጀምረው ደንበኛ ከመግባቱ በፊት፣ በካዝናው በር ላይ ነው። ካዝና በአንድ ሰው ብቻ አይከፈትም። አንዱ ቁልፍ ወይም የምስጢር ቁጥር በዋናው ገንዘብ ያዥ እጅ፣ ሌላው ደግሞ በሥራ አስኪያጁ ወይም በተቆጣጣሪው እጅ ይሆናል፤ ሁለቱ አብረው ካልቆሙ በሩ አይከፈትም። ከሁለቱ አንዱ ቢታመም ወይም ዕረፍት ቢወጣ ቁልፉን ለሌላኛው «ለዛሬ ብቻ ያዝልኝ» ብሎ መስጠት ክልክል ነው፤ ሁለቱም ቁልፎች በአንድ ኪስ የገቡ ዕለት የጋራ ቁጥጥሩ ቀርቷል። ቁልፉን የሚረከበው ሦስተኛ ሰው ነው። ርክክቡም በካዝናው ውስጥ ያለው ብር ተቆጥሮ፣ መዝገብ ላይ ሰዓቱ ተጽፎና ተፈርሞ ይፈጸማል። መጠባበቂያ ቁልፉ በታሸገ ፖስታ ሆኖ ከቅርንጫፉ ውጭ ይቀመጣል።

ይህ ሥርዓት ገደብ እንዳለው የባንክ ሰዎች ያውቃሉ። በታኅሣሥ ወር 2004 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሰሜን አየርላንድ ዋና ከተማ በቤልፋስት የኖርዘርን ባንክን ካዝና የዘረፉ ሰዎች በር አልሰበሩም፤ ግድግዳም አልቆፈሩም። የሁለት የባንኩን ኃላፊዎች ቤተሰቦች አግተው ሁለቱንም እንደ ወትሮው ሥራ ገብተው እንዲውሉና ካዝናውን እንዲከፍቱ አስገደዷቸው። 26.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተወሰደ። ባንኩ በኋላ የራሱን ኖቶች ከገበያ ሰብስቦ በአዲስ ቀለም ለመለወጥ ተገደደ። የጋራ ቁጥጥር አንድ ሰው ብቻውን እንዳይሰርቅና ብቻውን እንዳይጠረጠር ይጠብቃል፤ ሁለቱ በአንድነት ከተገደዱ ወይም ከተስማሙ ግን ሌላ መከላከያ ያስፈልጋል። በተወሰነ ሰዓት ብቻ የሚከፈት የሰዓት ቁልፍ፣ የቁልፍ ያዦችን ማንነት በምስጢር መያዝ፣ በካዝና ውስጥ ሊያድር የሚችለውን ብር በጣሪያ መወሰን የመጡት ከእንዲህ ዓይነቱ ልምድ ነው።

ካዝናው ተከፍቶ ለቴለሮች የመነሻ ገንዘብ ሲከፋፈል አዲስ ሠራተኞች በብዛት የሚሳሳቱበት የመጀመሪያው ቦታ ይመጣል። ዋናው ገንዘብ ያዥ እስሮቹን ደርድሮ «ትናንት ተቆጥረዋል» ይላል፤ ወጣቷ ቴለር ደግሞ አንጋፋውን ባልደረባዋን ያላመነች እንዳይመስልባት ታፍርና ፈርማ ትወስዳለች። ከፈረመች በኋላ ግን ብሩ የእሷ ነው። ከአንዱ እስር ሁለት ኖት ጎድሎ ቢገኝ ትናንት የጎደለ ይሁን ዛሬ የጎደለ የሚለይበት መንገድ የለም። ስለዚህ እስሩ በፊቱ፣ በማሽን ይቆጠራል። ጥሩ ገንዘብ ያዥ በዚህ አይከፋም፤ እንዲያውም ቆጥረሽ ውሰጂ ብሎ የሚጠይቀው እሱ ነው፤ ቆጠራው እሱንም ከጥርጣሬ ያወጣዋል።

ስለ ማሽኑም አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በብዙ ቅርንጫፎች ያለው ተራው መቁጠሪያ ማሽን ኖት ይቆጥራል እንጂ ዋጋ አይቆጥርም። በባለ 100 እስር መካከል አንድ ባለ 50 ቢሰገሰግ ማሽኑ «100» ብሎ ያልፈዋል። አቧራ የያዘው ማሽን ደግሞ የተጣበቁ ሁለት ኖቶችን እንደ አንድ ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ነው እስሩ መጀመሪያ በአውራ ጣት እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተገለጠ ቀለሙ አንድ ዓይነት መሆኑ የሚታየው፤ ከዚያ በማሽን ይቆጠራል፤ ተገልብጦም በድጋሚ ይቆጠራል። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ ሦስተኛው ቆጠራ በእጅ ነው። እስሩ ላይ ያለችው የማሰሪያ ወረቀት ቀንና የቆጠረው ሰው ፊርማ ስላለባት ቆጠራው እስኪያልቅ ድረስ አትጣልም። ጉድለት ከተገኘ ብሩ ያለ ወረቀቷ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ሲቀበሉ ብሩ፣ ሲከፍሉ ምዝገባው

በመስኮቱ ላይ ያለውን ሥራ በሙሉ የሚመራ አንድ ቅደም ተከተል አለ። ደንበኛ ብር ሲያስገባ መጀመሪያ ብሩ ይቆጠራል፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ይመዘገባል። ደንበኛ ብር ሲያወጣ ግን መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ከሒሳቡ ይቀነሳል፣ ከዚያ ብሩ ይሰጣል። ቅደም ተከተሉ ለምን እንደሚገለበጥ ያልገባው ሠራተኛ በሥራ ብዛት ጊዜ ያዘባርቀዋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገቢ ላይ ሳይቆጠር ከተመዘገበ ደንበኛው ያላስገባው ብር በሒሳቡ ላይ ይታያል፤ በስልኩም ወዲያው መልእክት ይደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ቆጥሮ «500 ብር ይጎድላል» ማለት ጭቅጭቅ ነው፤ ደንበኛው ባንኩ ራሱ የላከለትን መልእክት ያሳያል። ወጪ ላይ ደግሞ ብሩ ቀድሞ ከተሰጠ በኋላ ሲስተሙ በቂ ገንዘብ የለም ወይም ሒሳቡ ታግዷል ቢል፣ ደንበኛው ብሩን ይዞ ከበሩ ወጥቷል። በሁለቱም በኩል መርሁ አንድ ነው፤ ባንኩ በእጁ ያላስገባውን አይመዘግብም፣ ያልመዘገበውንም ከእጁ አያወጣም።

ገቢ ሲቀበል ቴለሩ ቅጹን ያነባል፤ በአኃዝ የተጻፈው በፊደል ከተጻፈው ጋር መስማማቱን፣ ስሙ ከሒሳብ ቁጥሩ ጋር መገጣጠሙን ያያል። ብሩን ደንበኛው በሚያየው ቦታ ላይ አድርጎ ከትልቁ ኖት ወደ ትንሹ ይቆጥራል። ብሩ ገና ጠረጴዛው ላይ እንዳለ በቅጹ ጀርባ ስንት ባለ 200፣ ስንት ባለ 100፣ ስንት ባለ 50 እንደተቀበለ ይጽፋል። ከዚያ ይመዘግባል፤ ማህተም ያደርጋል። ብሩ ወደ መሳቢያው የሚገባው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው፤ የደንበኛው ብር ከመሳቢያው ብር ጋር አንዴ ከተቀላቀለ «ያመጣሁት 20,000 ነው» የሚል ክርክር ቢነሳ መለያ አይኖርም።

የኖቶች ዝርዝር በቅጹ ጀርባ መጻፉ ከሥራዎች ሁሉ አሰልቺው ነው። ወረፋው በሩን አልፎ ሲወጣ፣ በተለይ በወር መጨረሻና በበዓል ዋዜማ፣ መጀመሪያ የሚተወውም እሱ ነው። አዲስ ሠራተኛ ከአንጋፋዎቹ ሲተው አይቶ ይተዋል። ከታች በሚመጣው ምሳሌ እንደሚታየው ግን የጠፋን ብር የሚያስገኘው ይኸው ዝርዝር ነው።

ወጪ ሲከፈል ቴለሩ መታወቂያውን፣ ፊርማውንና ፎቶውን ያመሳክራል። ከራሱ የመክፈል ሥልጣን በላይ ከሆነ ተቆጣጣሪው በራሱ የይለፍ ቃል ያጸድቃል። የይለፍ ቃሉን «ሥራ እንዳይቆም» ብሎ ለቴለር መንገር የካዝናን ሁለት ቁልፍ ለአንድ ሰው ከመስጠት አይለይም። ከተመዘገበ በኋላ ብሩ አንዴ በማሽን፣ አንዴ በእጅ ተቆጥሮ የኖቱ ዝርዝር በቅጹ ጀርባ ይጻፋል። ብሩ ከመስኮቱ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ጥሩ ቴለሮች የማይተዉት ጥያቄ አለ፤ «ስንት ነው የሚወስዱት?» መጠኑን ቴለሩ አይናገርም፤ ደንበኛው ይናገር። ቴለሩ «40,000 ነው አይደል?» ካለ የቸኮለ ሰው ሁሉ «አዎ» ይላል። ሰው ተሳስቶ የተጠራበት፣ ቅጽ የተቀላቀለበት ብዙ ስህተት በዚህች ጥያቄ ተይዟል።

ሌላው አደገኛ ጊዜ ደንበኛው ክፍያው ሳያልቅ ሌላ ነገር ሲጠይቅ ነው። ቴለሩ ግማሹን ቆጥሮ ሳለ «ይሄን እስር ባለ 200 አድርግልኝ፤ ኧረ ቆይ፣ ይሄኛውን ባለ 50 አድርገው፤ ይሄንን ደግሞ ዘርዝርልኝ» ይባላል። አብዛኛው ደንበኛ ይህን የሚለው በቅንነት ነው። በመስኮት ላይ የሚያታልሉ ሰዎችም ግን በየአገሩ የሚጠቀሙት ይህንኑ መንገድ ነው፤ ቆጠራውን ያቋርጡና በግርግሩ መካከል አንድ እስር ሁለት ጊዜ ይወስዳሉ። መመሪያው ለቅኑም ለአታላዩም አንድ መልስ አለው። የተሰጠው ብር በሙሉ ወደ ውስጥ ይመለሳል፣ ቆጠራው ከአንድ ይጀመራል፣ አንዱ ጉዳይ ተዘግቶ ሳያልቅ ሌላው አይከፈትም። ደንበኛው ቢቆጣም «ይቅርታ፣ ለእርስዎም ለእኔም እንዲጠራ ነው» ብሎ እንደገና መቁጠር የቴለሩ መብት ነው፤ ጥሩ ተቆጣጣሪም ከጎኑ ይቆማል።

በቀኑ መካከል መሳቢያው ከተፈቀደለት ጣሪያ በላይ ሲሞላ ትርፉ ወደ ካዝና ይመለሳል። ጣሪያው የመጣው ከኢንሹራንሱ ነው፤ ባንኩ በመሳቢያ፣ በካዝናና በመንገድ ላይ ላለ ብር የተለያየ የዋስትና መጠን ይገባል፤ ዘረፋ ቢደርስ ከጣሪያው በላይ የነበረው ብር ላይካስ ይችላል።

አንድ ምሽት፣ በቁጥር

ይህ ሁሉ በሥራ ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው፤ ሁኔታው ግን በየትኛውም ቅርንጫፍ የሚያጋጥም ነው። አንዲት አዲስ ቴለር ጠዋት 300,000 ብር ተረክባለች፤ 1,000 ባለ 200፣ 800 ባለ 100፣ 300 ባለ 50 እና 500 ባለ 10። ቀኑን ሙሉ ከደንበኞች 412,600 ብር ተቀበለች፤ 385,350 ብር ከፈለች። ከሰዓት በኋላ 150,000 ብር ወደ ካዝና መለሰች። በእጇ መገኘት ያለበት 177,250 ብር ነው።

ማታ ስትቆጥር 167,250 ብር ብቻ አገኘች። 10,000 ብር የለም።

በዚህ ጊዜ ልቧ ይመታል፤ የመጀመሪያው ፈተናም ዝም የማለት ፈተና ነው። «ነገ ይገኛል» ብሎ ሒሳቡ እንደተስማማ አድርጎ መዝጋት፣ ከባልደረባ ተበድሮ መሙላት፣ ካዝናው ውስጥ ከገባው እስር ማካካስ ሁሉም ይታሰባል። ጉድለት ራሱ ብዙውን ጊዜ ሠራተኛን ከሥራ አያስወጣም፤ የተደበቀ ጉድለት ግን እምነት ማጉደል ይሆናል። መመሪያው የሚለው ወዲያው ለተቆጣጣሪ መንገር ነው። ከዚያ ቆጠራውን ሌላ ሰው ይደግመዋል፤ ራሷ ደጋግማ ብትቆጥር የደከመ ዓይን ያንኑ ስህተት ደጋግሞ ስለሚያልፈው። መሳቢያው እስከ ጥግ ይፈተሻል፣ የማሽኑ ሥር ይታያል፣ ቅጾች መካከል የገባ ኖት ይፈለጋል።

ካልተገኘ የጎደለው ቁጥር ራሱ ይመረመራል፤ የልምድ ሰዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት ይህን ነው። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ በአጻጻፍ ላይ የተፈጠረ ስህተት ሊሆን ይችላል፤ 5,400 ተብሎ መመዝገብ ያለበት 4,500 ቢመዘገብ ልዩነቱ 900 ነው፤ 10,000 መሆን ያለበት አንድ ዜሮ ጎድሎ 1,000 ቢመዘገብ ልዩነቱ 9,000 ነው። ሁለቱም ለ9 ይካፈላሉ። የቴለሯ 10,000 ግን ለ9 እኩል አይካፈልም፤ ይህ በር ተዘጋ። ቀጥሎ ልዩነቱ ለሁለት ይከፈላል። አንድ የ5,000 ብር ወጪ በስህተት ገቢ ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ ጉድለቱ እጥፉ፣ 10,000 ይሆናል። የ5,000 ብር ቅጾች አንድ በአንድ ተመሳከሩ፤ ሁሉም ትክክል ናቸው። ይህም በር ተዘጋ።

የቀረው ጥርጣሬ ከእስር ጋር የተያያዘ ነው። 10,000 ብር አንድ እስር ባለ 100 ነው፤ በባለ 200 እና በባለ 100 እስር መካከል ያለው ልዩነትም 10,000 ነው። የትኛው ነው? ቴለሯ የኖቱን ዝርዝር በየቅጹ ጀርባ ስለጻፈች ጥያቄው መልስ አለው። ተቆጣጣሪው የባለ 200ውን ሒሳብ ለብቻው ሠራ። ጠዋት 1,000 ነበር፤ በቅጾቹ መሠረት 1,300 ገባ፣ 1,140 ወጣ፣ 500 ወደ ካዝና ተመለሰ። መገኘት ያለበት 660 ኖት ሲሆን የተገኘው 560 ነው። መቶ ኖት ጎደለ። ባለ 100ውን ሠራ፤ 800 ነበር፣ 1,250 ገባ፣ 1,200 ወጣ፣ 500 ተመለሰ። 350 መሆን ሲገባው 450 ሆነ። መቶ ኖት ተረፈ። ባለ 50 እና ባለ 10 ልክ ናቸው።

ነገሩ እዚህ ላይ ጠራ። ባለ 200 እስር 20,000 ብር ጎድሏል፤ ባለ 100 እስር 10,000 ብር ተርፏል። በቅጹ ላይ ባለ 100 ተብሎ የተጻፈ አንድ እስር ከመሳቢያው ሲወጣ ባለ 200 ሆኖ ወጥቷል ማለት ነው። ስለዚህ መፈለግ ያለበት በጀርባው ሙሉ እስር ባለ 100 የተጻፈበት የወጪ ቅጽ ብቻ ነው፤ ከቀኑ ቅጾች ውስጥ እንዲህ ያሉት ጥቂት ናቸው። ከእነሱ አንዱ የ40,000 ብር ነበር፤ አንድ እስር ባለ 200 እና ሁለት እስር ባለ 100 ይላል። የካሜራው ቅጂ በቅጹ ላይ በተመዘገበው ሰዓት ሲታይ ከመስኮቱ የወጡት ሁለት እስር ባለ 200 እና አንድ እስር ባለ 100 ናቸው። ደንበኛው 50,000 ብር ይዞ ሄዷል።

ዝርዝሩ ባይጻፍ ኖሮ የጉድለቱ መጠን ይታወቅ ነበር እንጂ ከየትኛው ኖት እንደጎደለ አይታወቅም ነበር። ተቆጣጣሪው የቀኑን ካሜራ በሙሉ ማየት፣ ሁሉንም ደንበኛ መጠርጠር ይገደድ ነበር። የካሜራው ሥዕል ደግሞ ቀለም በደንብ ካላሳየ ከንቱ ነው።

ደንበኛውን የሚደውልለት ተቆጣጣሪው ነው፤ ቴለሯ አይደለችም። አነጋገሩም የተለካ መሆን አለበት። «ወስደዋል» አይባልም፤ «ዛሬ ከእኛ በወሰዱት ገንዘብ ላይ የቆጠራ ስህተት ስላየን እባክዎ አንዴ ይቁጠሩልን» ይባላል። አብዛኛው ሰው ይመልሳል። የማይመልስ ከሆነ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ አግባብ የተከፈለን ገንዘብ ማስመለስ እንደሚቻል ይደነግጋል፤ ቅጹና የካሜራው ቅጂም ማስረጃ ይሆናሉ።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በተቃወሰበት ሌሊት ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ፣ ባንኩ እያንዳንዱን ሰው በስም ማወቅ ችሎ ነበር፤ ያልመለሱትንም ሰዎች ስም ይፋ እስከ ማድረግ ደርሷል። ይህን ያስቻለው በኤሌክትሮኒክ መንገድ የወጣ ብር ሁሉ ዱካው በራሱ ስለሚቀረጽ ነው። በመስኮት የወጣ እስር ግን ራሱን አይመዘግብም። ሲስተሙ የሚያውቀው 40,000 ብር መከፈሉን ብቻ ነው፤ ምን ዓይነት ኖት እንደተሰጠ የሚያውቀው በቴለሯ እጅ የተጻፈው መስመር ነው።

ሁለቱ እስሮች እንዴት ተቀያየሩ? በካሜራው ላይ ሌላም ነገር ታየ። ባለ 200 እና ባለ 100 እስሮች በመሳቢያው አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ልክ ስታነሳም ከጎን ያለ ባልደረባዋ «ዝርዝር አለሽ?» ብሎ አናግሯታል። ሁለቱም በመመሪያው ተከልክለዋል። እያንዳንዱ ኖት የራሱ ክፍል አለው፤ በቴለሮች መካከል በቃል ብር መለዋወጥ የለም፤ ዝርዝር የሚያስፈልገው ከዋናው ገንዘብ ያዥ በፊርማ ይወስዳል። ይህ ሲነበብ የተጋነነ ጥንቃቄ ይመስላል። ሆኖም አንድ የ500 ብር «ቆይ ልስጥሽ» በሁለት ቴለሮች መሳቢያ ላይ ሁለት የማይታወቁ ልዩነቶችን ይፈጥራል፤ አንዱ ይጎድልበታል፣ አንዱ ይተርፈዋል።

የተረፈ ብር ጉዳይ ከጉድለት ይልቅ በአዲስ ሠራተኞች ዘንድ በቀላሉ ይታያል፤ ሊሆን ግን አይገባም። ማታ 300 ብር የተረፋት ቴለር «ለሚጎድልበት ቀን ትሁን» ብላ መሳቢያ ጥግ ብታስቀምጣት፣ ያቺ 300 ብር የሆነ ሰው ናት። ከደመወዙ ተቀንሶ የተከፈለው ጡረተኛ ወይም የዕለት ሽያጯን ያስገባች ቸርቻሪ ነገ መጥተው «ጎድሎብኛል» ሲሉ መዝገቡ «በዚያ ቀን ሁሉም ልክ ነበር» ይላል፤ እውነት የተናገሩት ሰዎች ውሸታም ይሆናሉ። ስለዚህ ትርፍም እንደ ጉድለት በዚያው ምሽት ይነገራል፣ ለዚሁ በተለየ ሒሳብ ይመዘገባል፣ ባለቤቱ ሲመጣ በቅጹ ዝርዝር ተመሳክሮ ይመለስለታል። የአንዱ ቀን ትርፍ የሌላውን ቀን ጉድለት አይሸፍንም። በድንገት የሚመጣ የቁጥጥር ሠራተኛ መሳቢያውን አስቆጥሮ ያልተመዘገበ ትርፍ ሲያገኝ እንደ ጉድለት የሚያየውም ለዚህ ነው፤ በመሳቢያ ውስጥ የተደበቀ ትርፍ ካለ በሌሎች ቀናት የተደበቀ ጉድለት ሊኖር እንደሚችል ያውቃል።

ሐሰተኛ ኖት ሲገኝም ተመሳሳይ ነው። ብርሃን ላይ ሲታይ የውስጥ ሥዕሉ የማይወጣ፣ የደኅንነት ክሩ ላይ የታተመ እንጂ ውስጡ ያልገባ፣ በጣት ሲዳሰስ ልሙጥ የሆነ ኖት ለደንበኛው አይመለስም፤ ከተመለሰ ወደ ሌላ ሰው ኪስ ይሄዳል። ቴለሩ ኖቱን ደንበኛው እያየ ለይቶ ተቆጣጣሪውን ይጠራል፤ የኖቱ ቁጥርና ያመጣው ሰው ማንነት ይመዘገባል፤ ጉዳዩ ለሕግ አካል ይተላለፋል። ያመጣው ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱም የተታለለ ስለሆነ እንደ ወንጀለኛ አይናገሩትም። ቴለሩ ሳያይ ተቀብሎት ማታ በመሳቢያው ከተገኘ ግን ማን እንዳመጣው የሚታወቅበት መንገድ ስለሌለ ጉድለቱ የሚመዘገበው በእሱ ስም ነው።

ሒሳቡ ሲስማማ ብሩ እንደገና ይደራጃል። ንጹሑ ከተቀደደውና ካረጀው ይለያል፤ ያረጀው ውሎ አድሮ ወደ ብሔራዊ ባንክ የሚሄድ ነው። መቶ መቶ ኖት ይታሰራል፤ በማሰሪያ ወረቀቱ ላይ ቀንና ፊርማ ይደረጋል። ከካዝናው የተረከበችው ቴለር አሁን መልሳ ታስረክባለች፤ ዋናው ገንዘብ ያዥም ጠዋት እሷ እንዳደረገችው በፊቷ ይቆጥርና ይፈርማል። ሁለቱ ቁልፍ ያዦች በመዝገቡ ላይ ያለው ድምር በካዝናው ካለው ጋር መግጠሙን አይተው በሩን አብረው ይዘጋሉ፤ ሰዓቱንም ይጽፋሉ።